ፊት ተጣሞ እጅም አብሮ ሲደነዝዝ፦ ስትሮክ ከፊት ነርቭ ሕመም በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ «የ52 ዓመት እህቴ ዛሬ ቡና እየቀዳች ሳለ በግራ በኩል አፏ በድንገት ወረደ፤ ግራ እጇም ደንዝዞ ጀበናው ወደቀባት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቃት። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ ሰጧት። አንድ ዘመዳችን ደግሞ የፊት ነርቭ ነው፣ እኔም እንዲሁ ሆኜ ድኛለሁ ይላል። እስከ ነገ ብንጠብቅስ?»

እባክዎ አይጠብቁ። እህትዎን አሁኑኑ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ምክንያቱን መንገድ ላይ ሆነው ሊያነቡት ይችላሉ። ምልክቱ በሃያ ደቂቃ መጥፋቱ አደጋው ማለፉን አያሳይም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ ልክ እንዲህ ያደርጋል፤ ከዚህ በኋላ ሙሉ ስትሮክ የመከተሉ ዕድል ከፍ የሚለውም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው።

በድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስሠራ ቆይቻለሁና፣ አፉ የተጣመመ ሰው ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው አፉን ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ከፊቱ ጋር ሌላ ምን አብሮ እንደተያዘ ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በጆሮ ጀርባ አካባቢ አልፎ በአንድ በኩል ወዳለው የፊት ጡንቻ ይሄዳል እንጂ ወደ እጅ የሚደርስበት መንገድ የለውም። የእጅ ነርቮች ከአንገት ይነሣሉ፤ የፊት ቆዳ ስሜትም ቢሆን በሌላ ነርቭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የግራ አፍና የግራ እጅ በአንድ ቅጽበት አብረው ከተያዙ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ሊያውክ የሚችለው የሁለቱም ትእዛዝ ተቀራርቦ የሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ ይህም አንጎል ነው። ዘመድዎ የነገሩዎት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ እጃቸው ደህና እንደነበረ ቢጠይቋቸው ልዩነቱ ይገለጥልዎታል።

አንድ የማስታውሳቸውን ታካሚ ላንሣ። በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ነጋዴ ነበሩ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አቋርጠው ቆይተዋል። ቤተሰባቸው ምች መትቷቸዋል ብሎ ነበር ያመጣቸው። የቀኝ አፋቸው ወርዷል። ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሡ ስንላቸው ግን ግንባራቸው በሁለቱም በኩል እኩል ተሸበሸበ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተከደኑ። መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሁለቱንም እጆች ወደ ፊት እንዲዘረጉ፣ ዓይናቸውንም ጨፍነው አሥር ሰከንድ እንዲቆዩ ጠየቅናቸው። ቀኝ እጃቸው መጀመሪያ መዳፉ ወደ ውስጥ ዞረ፣ ቀጥሎም ቀስ እያለ ወረደ፤ እሳቸው ግን መውረዱን አላወቁም፣ እጄ ደህና ነው ይሉ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲደግሙ ስንጠይቃቸው ቃላቱ ተጎተቱባቸው። የደም ስኳራቸው 118 ነበር፤ አልወረደም። ይህን መለካት ግዴታ ነው፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ በጣም ሲወርድ ስትሮክን ፍጹም የሚመስል የአንድ ወገን ድካም ሊያሳይ ይችላልና።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ሰዓቱ ነበር። ልጃቸው ወድቀው ያገኛቸው አራት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነገረን። ነገር ግን የሚቆጠረው ከተገኙበት ሰዓት ሳይሆን ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ከታዩበት ሰዓት ነው፤ ባለቤታቸው ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ሲበሉ ደህና ነበሩ አሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በአገራችንም በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ነው የሚገኘው። መድኃኒቱ ከመታሰቡ በፊት ደም መፍሰስ አለመኖሩን ሲቲ ስካን ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ከውጭ በሚታየው ምልክት ብቻ ፈሶ ይሁን ረግቶ መለየት አይቻልምና። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተነሣ ሲቲ በደም መርጋት ለመጣ ስትሮክ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ሲባል ደም አልፈሰሰም ማለት እንጂ ስትሮክ የለም ማለት አይደለም።

ወደ ግንባሩ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው የፊት ክፍል ትእዛዝ የሚቀበለው ከግራም ከቀኝም የአንጎል ክፍል ነው፤ የታችኛው ግን በዋናነት ከተቃራኒው ወገን ብቻ። አንዱ የአንጎል ወገን ሲጎዳ አፍ ይወርዳል፣ ግንባር ግን በሌላው ወገን ትእዛዝ መሸብሸቡን ይቀጥላል። ነርቩ ራሱ ከአንጎል ከወጣ በኋላ ሲታመም ግን ግማሽ ፊት ከላይ እስከ ታች ይዝላል። በዚህ የተያዘች አንዲት ወጣት ስትመጣ ከጆሮዋ ጀርባ ሕመም የጀመራት ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ ጠዋት ስትጉመጠመጥ ውኃው ባንድ በኩል ፈሰሰባት። ግንባሯ በዚያ በኩል ልስልስ ብሎ ቀርቷል፤ ዓይኗን ጨፍኚ ስትባል ቆቡ አይገጥምም፣ ነጩ ይታያል። ፊቴ ደነዘዘ ብላን ነበር፤ በጥጥ ስንነካት ግን ሁለቱም ጉንጮቿ እኩል ይሰማቸዋል። እጇና እግሯ ፍጹም ጤነኛ ነበሩ። የዚህ ሕመም ድካም በሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ቀን ድረስ እየጨመረ ይመጣል እንጂ እንደ እህትዎ በቅጽበት አይወርድም፣ በሃያ ደቂቃም አይለቅም። ፕሬድኒሶሎን በ72 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ይረዳል፤ የማይከደነው ዓይን ደርቆ እንዳይቆስል ደግሞ ቀን የዓይን ጠብታ ይጨመርበታል፣ ሌሊት በፕላስተር ይዘጋል።

ይሁን እንጂ ግንባር ዛለ ማለት ብቻውን ስትሮክ አይደለም ብሎ ለመደምደም አይበቃም። የፊት ነርቭ የሚነሣበት የአንጎል ግንድ ራሱ በስትሮክ ሲጎዳ ግንባርም አብሮ ይዝላል። እንዲህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ መንገዳገድ ወይም የሌላው ጎን እጅና እግር መድከም አብሮት ይኖራል። በተቃራኒው፣ ክንዱ ላይ ተጋድሞ ያደረ ሰው አንጓውን ቀና ማድረግ አቅቶት ቢነሣ፣ ፊቱና ንግግሩ ደህና ከሆነ የእጅ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም ቢሆን ሐኪም ይለየው እንጂ ቤት ውስጥ አይወሰን።

ለእህትዎ እስኪመረመሩ ድረስ አስፕሪን አይስጧቸው፤ የፈሰሰ ደም ካለ ያባብሰዋል። የሌላ ሰው የግፊት ክኒንም አይስጧቸው፤ የደም ቧንቧ ሲዘጋ ከመዘጋቱ ባሻገር ያለው የአንጎል ክፍል በግፊቱ እየተደገፈ ሊሆን ስለሚችል በድንገት ማውረዱ ጉዳቱን ያሰፋል። መዋጥ መቻላቸው ሳይታይ ዳማከሴም ሆነ ውኃ ወይም ምግብ በአፋቸው አይግባ፤ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ጀበናው ሲወድቅ አጠገባቸው የነበረ ሰው አብሮ ይሂድ፤ ሰዓቱን፣ የትኛው እጅ እንደነበረና ንግግራቸው ተለውጦ እንደሆነ ለሐኪሙ ራሱ ይንገር። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይያዙ፤ ከዚህ በፊት የልብ ሕመም አለብዎት ከተባሉ ወይም በልጅነታቸው በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጉ ከነበረ ይህን ሳይጠየቁ ያስታውቁ። መርፌው የሚሰጠው ለሪህ ትኩሳት ነው፤ በዚህ ትኩሳት የተጎዳ የልብ በር የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ በዚያ የተነሣ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ እንዲነሡ ይጠይቁ። ምልክቱ በመንገድ ላይ ከተመለሰ ደግሞ የተመለሰበትን ሰዓት ወዲያው ይጻፉት፤ መድኃኒቱን ለመስጠት ሰዓቱ እንደ አዲስ የሚቆጠረው፣ በመሃል ሙሉ በሙሉ ተሽሏቸው ከነበረ፣ ከዚያ ነው።