ስለ ጥቁር ሰገራ የጎንደር ነዋሪዎች ጥያቄና የነርሷ መልስ

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ ለጉልበቱ ሕመም ሦስት ሳምንት ዲክሎፌናክ ሲወስድ ቆየ። ከትናንት ጀምሮ ሰገራው ጠቁሯል፤ ሽታው ቤቱን ያውካል። ሆዱን ግን አላመመውም።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፤ ክኒኑንም ያቁም። እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅ፣ ውኃ ሲደፉበት ቶሎ የማይለቅ ከሆነ ጨጓራው ወይም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ እየደማ ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳል። ሕመሙንም ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ሳያስታውቅ ሊደማ ይችላል፤ ስለዚህ ሆዱን አለማመሙ አያጽናናኝም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ልጄ፣ ደም ቀይ ነው። ኪንታሮት ሲደማብኝ ያየሁት ቀዩን ነው። ጥቁሩ የምግብ ነገር ይመስለኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ኪንታሮቱ ልክ ነዎት፤ ደሙ ከመውጫው አጠገብ ስለሚፈስ ሳይለወጥ ይወጣል። ከላይ የፈሰሰው ግን ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። የጨጓራ አሲድ ቀይነቱን ያጠፋዋል፤ አንጀት ውስጥ ለሰዓታት ሲጓዝ ደግሞ ባክቴሪያዎች ያፈርሱታል። ያ የተለየ ግማት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ የቡና ስኒ የሚያህል ደም ሰገራን ለማጥቆር ይበቃል። ከላይ በብዛትና በፍጥነት ከፈሰሰ ግን ለመጥቆር ጊዜ ስለማያገኝ ቀይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያ የበለጠ ያስፈራል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የብረት ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ የእኔም ጠቁሯል። ላቁመው?

መልስ፦ አታቁሚው። ብረት ሰገራን ያጠቁራል፤ ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥቁር፣ ቅርጹን የያዘና ሽታው ያልተለወጠ ነው። መጣበቅና ግማት ከጨመረ፣ ወይም ስትነሺ ካዞረሽ፣ ክኒኑ ነው ብለሽ አትለፊው።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ በድጋሚ)፦ ወስጄዋለሁ። ሄሞግሎቢኑ፣ ማለት የደሙ መጠን፣ 13 ነው፤ ብዙም አልቀነሰም ተባልን። እሱም «ደህና ነኝ፣ ቤቴ እንሂድ» ይላል። ሲነሣ ግን ላብ ያጠምቀዋል።

መልስ፦ እንዳትወጡ! የመጀመሪያው ቁጥር ያታልላል። ሰው ሲደማ ቀዩ ሕዋስና ፈሳሹ አብረው ስለሚፈሱ የቀረው ደም ገና አልቀጠነም፤ ቁጥሩ የሚወርደው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። ላቡ ከቁጥሩ ይልቅ እውነቱን እየነገረሽ ነው። ተኝቶና ቆሞ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን እንዲለኩት ንገሪያቸው፤ ምርመራውም ይደገም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ያደገው ደንቢያ፣ ጣና ዳር ነው? በዚያ አካባቢ ቢልሃርዝያ፣ ውኃ ውስጥ ሲገቡ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል፣ አለ። ለዓመታት ጉበትን ከጎዳ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉ ደም ሥሮች አብጠው ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ሰገራው ያው ጥቁር ነው፣ ሕክምናው ግን ይለያል። ቁስል ይሁን የደም ሥር፣ በኢንዶስኮፒ፣ ማለት በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ካልታየ እኔም ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም።

ምላሽ (ከአዘዞ)፦ አዎ፣ የቆላ ድባ ልጅ ነው። በልጅነቱ ጣና ውስጥ ሲዋኝ ነው ያደገው።

መልስ፦ ይህንኑ አሁን ለሐኪሙ ንገሪው።