አንዱ ብዙ ካፒታል አወጣ፣ ሌላው ይሠራል፦ የሽርክና ትርፍና ታክስ በአሜሪካ

በዲሲ አካባቢ የሐበሻ ካፌዎችና ሱቆች ታክስ እሠራለሁ። ዛሬ ስለ ሽርክና ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እኔ 20 ሺህ፣ ጓደኛዬ 80 ሺህ ዶላር አውጥተን ካፌ ከፈትን። የምሠራው እኔ ነኝ፤ በዓመት 40 ሺህ ደመወዝ ተስማምተናል። ትርፉን እንዴት እንካፈል?

መልስ፦ መጀመሪያ ደመወዝህ ይወጣል፤ የቀረው በተስማማችሁበት መቶኛ ይከፈላል። ከደመወዝህ በፊት 90 ሺህ ተገኘ እንበል። 40 ሺህ ላንተ ይወጣል። የቀረው 50 ሺህ በካፒታላችሁ ልክ ሲከፈል 10 ላንተ፣ 40 ለእሱ ይደርሳል። እስከዚህ ጠብ የለም።

ጠብ የሚመጣው ገበያው በቀዘቀዘበት ዓመት ነው። የተገኘው 30 ሺህ ብቻ ቢሆን ደመወዝህ ያው 40 ነው። ስለዚህ 10 ሺህ ኪሳራ ይመዘገባል፤ 8 ሺው እሱ ላይ፣ 2 ሺው አንተ ላይ ያርፋል። እሱ አንድ ዶላር ሳይወስድ ካፒታሉ ቀነሰ ማለት ነው። በዚህ ተጣልተው ሽርክናቸውን ያፈረሱ ደንበኞች አሉኝ። ደመወዙ ትርፍ ባይኖርም ይከፈላል ወይስ ትርፉ እስከቻለው ብቻ? አንዱን ምረጡና ጻፉ።

ጥያቄ፦ ደመወዜን በደብሊው-2 ብወስድ ታክሱ ይቆረጥልኛል አይደል?

መልስ፦ አይሆንም። ሸሪክ የራሱ ሽርክና ተቀጣሪ አይደለም። ድርጅቱ ፎርም 1065 ሞልቶ ለእያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን የሚያሳይ ኬ-1 የሚባል ቅጽ ይሰጣል፤ የፌዴራል ገቢ ታክሱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በጥሩው ዓመት ያንተ ኬ-1 ላይ 40 ሺው ደመወዝ ለብቻ፣ 10 ሺው ድርሻ ለብቻ ይጻፋል። የሚቆርጥልህ ስለሌለ በዓመት አራት ጊዜ ራስህ ለአይአርኤስ ትልካለህ። ከገቢ ታክሱ ሌላ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር አለ፤ በ50 ሺው ላይ ወደ 7,065 ዶላር ይመጣል። ይህን ሳያስቀምጥ ሚያዝያ የሚደርስበት ሰው ብዙ ነው።

አንድ አባል፦ እኛ ግን ሁለታችንም ደብሊው-2 ነው የምንወስደው። ማንም ምንም አላለንም።

ሌላ አባል፦ እናንተ ኤስ ኮርፕ ሆናችሁ ይሆናል፤ እዚያ የሚሠራ ባለቤት ደመወዙን በደብሊው-2 ይወስዳል። ለሁሉም እሱ ይሻላል።

መልስ፦ ለሁሉም አይሻልም። ኤስ ኮርፕ ትርፍ የሚያካፍለው በአክሲዮን ልክ ብቻ ነው። ዛሬ ርዕሳችን ሽርክና ነው፤ እንመለስ።

ጥያቄ፦ 80 በመቶው የኔ ነው፤ ትርፉን ግን አልወሰድኩም፣ ባንክ ነው ያለው። ታክስ አለብኝ?

መልስ፦ አለብሽ። ኬ-1 የሚቆጥረው ድርሻሽን ነው እንጂ ያወጣሽውን አይደለም። በየዓመቱ ቢያንስ ለታክስ የሚበቃ ገንዘብ ለየሸሪኩ እንዲወጣ ስምምነታችሁ ላይ ጻፉ።

ጥያቄ፦ እኔ እዚያ ካልሠራሁ ሶሻል ሴኩሪቲውስ?

መልስ፦ ኤልኤልሲ ከሆነ አከራካሪ ነው። ስምምነቱን ሳላይ አልመልስም።

ጥያቄ፦ የቢዝነስ ታክስ ስንት ነው?

መልስ፦ የምን ቢዝነስ? የት ስቴት? እንዲህ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቃል ብቻ ተስማምተን ብንሠራስ?

መልስ፦ ሁለቴ ጻፉ አልኩ። ኤልኤልሲ ሳታቋቁሙ አብራችሁ ከሠራችሁና ስምምነታችሁን ማስረዳት ካልቻላችሁ፣ ብዙ ስቴቶች ትርፉን እኩል ያካፍላሉ። 80 ሺህ ያወጣውና 20 ሺህ ያወጣው እኩል ይሆናሉ፤ ቀን ከሌት ለሠራውም ደመወዝ የለውም።