«ምክንያት የሌለው» እና «ምክንያታዊ ያልሆነ»

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሕግ አስተምራለሁ። የአስተዳደር ሕግ መለማመጃ ጥያቄ ሳዘጋጅ «ምክንያት የሌለው ውሳኔ» እና «ምክንያታዊ ያልሆነ ውሳኔ» እያልኩ አቀያይራለሁ። ልዩነት አላቸው? «ሰረዘ»፣ «ሻረ» እና «ለወጠ»ስ?

መልስ፦ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ተማሪዎችዎም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ይመስለኛል። አንድ ወፍጮ ቤት ይዘን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

ቀላሉ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ጽሕፈት ቤቱ ባለወፍጮውን ሳይጠራ፣ «ፈቃድዎ ተሰርዟል» የሚል ደብዳቤ ብቻ ላከለት። ሰውየው አልተሰማም፤ ለምን እንደተሰረዘበትም አልተነገረውም። ጉድለቱ የሥነ ሥርዓት ነው። «ምክንያት የሌለው» ቢሉ አንባቢው ጽሕፈት ቤቱ ከመነሻው ምክንያት አልነበረውም ብሎ ሊረዳ ይችላል። ምናልባት ነበረው፤ አልጻፈውም እንጂ። ስለዚህ «ምክንያቱ ያልተገለጸ» ይበሉ።

ቀጣዩ ጠጠር ይበል። ባለወፍጮው ተጠርቶ ተሰማ። ደብዳቤውም «ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የዱቄት ብናኝ ስለተገኘ ፈቃዱ ተሰርዟል» ይላል። እዚህ ምክንያት አለ፣ ተጽፏልም። ግን ዱቄት የማይበንበት ወፍጮ ቤት የት ይገኛል? «ምክንያታዊ ያልሆነ» የሚባለው ይሄኔ ነው። መለኪያውም ከባድ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1947 በዌድንስበሪ ጉዳይ እንዳለው፣ ውሳኔው የትኛውም አስተዋይ ባለሥልጣን ሊደርስበት የማይችል መሆን አለበት። ዳኛው «እኔ ብሆን እንዲህ አልወስንም» ማለቱ አይበቃም። «ተገቢ ያልሆነ» የሚለው ቃል ደግሞ ይህን ክብደት አይሸከምም።

ከባዱ የመፍትሔው ጥያቄ ነው። ግሶቹን ከፋፍለው ይያዙ፦ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃዱን ሰረዘ፤ ፍርድ ቤቱ ስረዛውን ሻረ። «ለወጠ» ካሉ ግን ፍርድ ቤቱ በጽሕፈት ቤቱ ቦታ ገብቶ የራሱን ውሳኔ ሰጠ ማለትዎ ነው። በዳኝነት ክለሳ የተለመደው መሻርና ጉዳዩን መመለስ ነው።

ታዲያ እንዲህ ይጠይቁ፦ «ስረዛው ከተሻረ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ እንደገና ቢሰርዝስ?» በመጀመሪያው ጉዳይ ይችላል። ሰውየውን ሰምቶ፣ በቂ ምክንያት ጽፎ እዚያው ውሳኔ ላይ ቢደርስ ፍርዱን አልጣሰም፤ የተሻረው በአካሄዱ ነበርና። በሁለተኛው ግን ያንኑ ብናኝ ይዞ መመለስ አይችልም። ሌላ ማስረጃና ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ነው። ጥያቄዎ ላይ ያለው የክልል ጽሕፈት ቤት ከሆነ «በአዋጁ መሠረት» ብለው አይጠይቁ። «በአስተዳደር ሕግ መርሆች መሠረት» ቢሉ ትክክል ይሆናል።