ፎርሙ ላይ ያለው መስመር ሁሉ መስመር አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ፣ ስካን የተደረገ ፎርም እያየሁ ኤክሴል ላይ እየገለበጥኩ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት አራት መስመር የተጻፈበት አለ። Enter ስመታ ወደ ታችኛው ሴል ይወርድብኛል፣ ዎርድ ላይ ጽፌ ኮፒ ሳደርገው ደግሞ በአራት ረድፍ ይበታተናል። ሁሉም አንድ ሴል ውስጥ እንዲቆይ ምን ላድርግ?»

እህቴ ቁልፉን ብቻ ከሆነ የፈለግሽው Alt+Enter ነው፣ ሴሉ ውስጥ እየጻፍሽ Alt ይዘሽ Enter ስትመቺ እዛው ሴል ውስጥ አዲስ መስመር ይከፍትልሻል፣ ሊብሬኦፊስ ከሆነ ደግሞ Ctrl+Enter ነው። ሌላ ቦታ የተጻፈ ነገር ኮፒ ካደረግሽም ሴሉን አንዴ ነክተሽ ፔስት አታድርጊ፣ መጀመሪያ F2 ምቺና ከርሰሩ ውስጥ ሲገባ ፔስት አድርጊው፣ ያኔ አይበታተንም። ግን ይሄን ብቻ ነግሬሽ ብሄድ ነገ ሌላ ጥያቄ ይዘሽ መመለስሽ አይቀርም፣ ስለዚ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እኔ ባህር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ነው የምሰራው፣ አምና የአሣ አጥማጆች መመዝገቢያ ፎርም መጣልን፣ 46 ገጽ ስካን፣ አንድ ገጽ አንድ ሰው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ያለው መረብና ታንኳ፣ መጨረሻ ላይ «ያጋጠመ ችግር» የሚል ጠባብ ሳጥን አለው፣ ሰዉ ሆዱ ያለውን ሁሉ እዛች ሳጥን ውስጥ ነው የጨመቃት። እኔ ዎርድ ላይ ቴብል ሰርቼ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ጻፍኩት፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እንደ ወረቀቱ Enter እየመታሁ፣ ከዛ ሙሉውን ወደ ኤክሴል። 46 ሰው 71 ረድፍ ሆነ። ሲያዩት ምንም አይልም፣ ምክንያቱም ኤክሴል ስሙንና ቀበሌውን ሜርጅ አድርጎ ከጎን ስለሚያስቀምጠው ልክ ፎርሙን ይመስላል። ባለቤቱ በስም ፊደል ተራ ደርድርልኝ ሲለኝ ሜርጅ ያለበት አልደረደርም አለ፣ ሜርጁን ፈታሁት፣ ደረደርኩት፣ ስም የሌላቸው 25 ረድፎች ተሰብስበው መጨረሻ ላይ ቁጭ። «መረቤን ጉማሬ ቀዶብኛል» ይላል አንዱ፣ የማን መረብ? በየት በኩል ይታወቃል? ተመልሼ 46ቱንም ገጽ አየሁ።

ከዛ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ወረቀቱን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለ መስመር ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ሰውየው ሌላ ሐሳብ ሊጽፍ ብሎ የወረደው፣ ሌላው ቦታ አልቆበት የወረደው። ለምሳሌ 17ኛው ፎርም ላይ እንዲህ አራት መስመር ነበር፦ «መረቤን ጉማሬ» ወረደ፣ «ቀዶብኛል» ወረደ፣ «ነጋዴ በዱቤ ወስዶ አልከ» ወረደ፣ «ፈለኝም»። አራት መስመር ነው ግን ሁለት ጉዳይ ነው፣ ስለዚ ሴሉ ውስጥ የሚገባው አንድ መስመር መለያ ብቻ ነው፣ ከ«ቀዶብኛል» በኋላ። በእጅ ሲጻፍ እኛ ቃሉን የትም ቦታ ቆርጠን እንወርዳለን፣ ሰረዝ እንኳን አናደርግም፣ እንዳለ ከገለበጥሽው «አልከ» እና «ፈለኝም» ሁለት ቃል ሆነው ይቀራሉ፣ በኋላ «አልከፈለኝም» ብለሽ ብትፈልጊ አይገኝም። «ጉማሬ ቀዶብኛል» ብትይም እንደዛው፣ መሃል ላይ ያለው ስፔስ ሳይሆን የመስመር መለያ ስለሆነ ፍለጋው አያገኘውም። ያሰራሽ ሰው እያንዳንዱን መስመር እንደ ወረቀቱ ነው የምፈልገው ካለ ግን ሌላ ነው፣ ሳትጀምሪ ጠይቂው።

አሁን የምሰራበት መንገድ ይሄ ነው። ስጽፍ እውነተኛው መለያ ያለበት ቦታ ላይ Enter ሳይሆን ## እጽፋለሁ፣ «መረቤን ጉማሬ ቀዶብኛል##ነጋዴ በዱቤ ወስዶ አልከፈለኝም» እያልኩ። እዝባር አትጠቀሚ፣ ወ/ሮ እና ወ/ሪት አሉ። ኮከብማ በፍጹም፣ ኤክሴል መፈለጊያ ላይ ኮከብ ማለት «ማንኛውም ነገር» ማለት ነው፣ እኔ አንዴ በኮከብ ሰርቼ Replace All ስል ሺቱ በሙሉ ባዶ ሆኖብኛል፣ Ctrl+Z ባይኖር ኖሮ እኔ ዛሬ ጣና ዳር ቡና ነበር የምሸጠው። አንቺ ዎርድ ላይ ቀድመሽ በEnter ከጻፍሽው ደግሞ እንደገና አትጻፊው፣ እላይ እንዳልኩሽ ቦታ ስላለቀ ብቻ የወረዱትን መጀመሪያ አቃኚያቸው፣ ከዛ ቴብሉን ብቻ ሰለክት አድርገሽ Ctrl+H፣ Find what ላይ ^p፣ Replace with ላይ ## አድርጊ። Shift+Enter የተጠቀምሽበት ካለ በ^l ድገሚው። የሴሉን መጨረሻ አይነካውም፣ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚቀይረው።

ከዛ ወደ ኤክሴል ፔስት ስታደርጊው አንድ ሰው አንድ ረድፍ ሆኖ ይገባል። እዛ Ctrl+H፣ Find what ላይ ##፣ Replace with ሳጥን ውስጥ ገብተሽ Ctrl+J ምቺ። ምንም የተጻፈ አይመስልም፣ ቢበዛ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፣ ግን ገብቷል። Replace All። ስትጨርሺ ያንን ሳጥን በBackspace አጥፊው፣ የማይታየው ነገር እዛው ይቀመጥና ሌላ ቀን ሌላ ነገር ስትቀይሪ ሳታውቂው አብሮ ይገባል፣ እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ነገር ነው።

ከዛ በኋላ ሁሉም በአንድ መስመር ተጣብቆ ከታየሽ አልተበላሸም፣ ኮለሙን መርጠሽ Wrap Text ተጫኚ። ረድፉ ካልሰፋ የረድፉን ቁጥር የታችኛውን ጠርዝ ደብል ክሊክ አድርጊው፣ ሜርጅ የሆነ ሴል ላይ ግን በራሱ አይሰፋም። የአንድ ረድፍ ቁመት ከ409 ነጥብ ስለማያልፍ በጣም የረዘመ ጽሑፍ ፕሪንት ላይ ይቆረጣል፣ ያኔ ኮለሙን ማስፋት ነው።

ልክ መሆኑን የማየው በዚህ ነው፣ ጽሑፉ E ኮለም ላይ ነው እንበል፦

```
=LEN(E2)-LEN(SUBSTITUTE(E2,CHAR(10),""))
```

ስንት መለያ እንዳለ ይቆጥርልሻል። 17ኛው ፎርም ላይ 1 መውጣት አለበት፣ 3 ካለ ቦታ ያለቀበትን መስመር ገልብጠሻል ማለት ነው። የተጻፈባቸውንም ረድፎች ቁጠሪ፣ 46 ወረቀት ከሆነ 46 ነው፣ 47 ካለሽ አንዱ ተሰብሯል።

ቀድሞ የተበታተነውን ደግሞ ማንንም ሳትደረድሪ መጀመሪያ ጎኑ ላይ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ስጪው፣ ቢበላሽ በዛ ትመልሺዋለሽ። ከዛ ለምሳሌ ከE5 እስከ E7 የአንድ ሰው ከሆነ፦

```
=TEXTJOIN(CHAR(10),TRUE,E5:E7)
```

ያወጣውን ኮፒ አድርገሽ በPaste Values መልሰሽ ትርፍ ረድፎቹን አጥፊ። TEXTJOIN ከ2019 በፊት ባለው ኤክሴል የለም፣ ያ ከሆነ =E5&CHAR(10)&E6&CHAR(10)&E7 ነው።

ፋይሉን በሲኤስቪ ከጠየቁሽ CSV UTF-8 የሚለውን ምረጪ፣ ዝም ብሎ CSV የሚለው አማርኛውን የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ኖትፓድ ላይ ስትከፍቺው እንዲህ ተሰብሮ ይታይሻል፦

```
17,ዘጌ,"መረቤን ጉማሬ ቀዶብኛል
ነጋዴ በዱቤ ወስዶ አልከፈለኝም"
```

አትንኪው፣ ልክ ነው። በሁለቱ ጥቅስ መካከል እስካለ ድረስ አንድ ሴል ነው፣ እዛ ላይ መስመሩን ላስተካክል ብሎ ጥቅሷን ያጠፋ የሥራ ባልደረባዬ ፋይሉን እንደገና ከኤክሴል እንድናወጣ አድርጎናል።