Exp(B) 0.4 ወይስ 2.5፦ ማነጻጸሪያው የቱ ነው?

«ጎንደር ዙሪያ በሰበሰብነው ዳታ ጤና ተቋም መውለድን ከመኖሪያ ቦታ ጋር ሳየው ኤስፒኤስኤስ Exp(B) 0.4 ሰጠኝ፤ ጓደኛዬ በዚያው ዳታ 2.5 አገኘች። ልክ የማን ነው?»

ወንድሜ፣ የሁለታችሁም ልክ ነው፤ 1 ለ0.4 ሲካፈል 2.5 ነው። የተለያያችሁት በማነጻጸሪያው ነው። ከተማ 1፣ ገጠር 2 ተብሎ ተመዝግቦ Categorical ውስጥ ካላስገባኸው፣ ሶፍትዌሩ እንደ ተራ ቁጥር ወስዶ ገጠርን ከከተማ ጋር ያነጻጽራል። እሷ አስገብታው ከሆነ ማነጻጸሪያው ካልተነካ Last ነው፤ ስለዚህ ከተማ ከገጠር ጋር ይነጻጸራል። ሰንጠረዡ ላይ ስሙን እየው፦ residence ብቻ ከሆነ የአንተ፣ residence(1) ከሆነ የእሷ መንገድ ነው። ማነጻጸሪያውን ለመቀየር First መርጠህ Change ካልተጫንክ አይያዝልህም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም አብሮ ይገለበጣል፦ ያንተ 0.25 እስከ 0.64 ከሆነ የእሷ 1.56 እስከ 4 ይሆናል።

«የከተማ እናቶች ጤና ተቋም የመውለድ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ነው» ብለህ ግን እባክህ አትጻፍ፤ Exp(B) የሚያነጻጽረው ኦድስን እንጂ ዕድልን አይደለም። ከ100 የገጠር እናቶች 50ዎቹ ጤና ተቋም ወለዱ እንበል፤ የወለዱት ላልወለዱት ሲካፈል ኦድሱ 1 ነው። የከተማው ኦድስ 2.5 ሲሆን ከ100 ውስጥ 71 ገደማ ማለት ነው፤ ይህ በቁጥር 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። የኦድሱ እጥፍና የዕድሉ እጥፍ የሚቀራረቡት «አዎ» የሚለው መልስ ጥቂት ሲሆን ነው።