ለአንድ አፕ በሁለት ስቶር ሲከፈል የቱ ይሰረዝ?

«ለፎቶ ማረሚያ አፕ በሳምሰንጌ ከፕሌይ ስቶር በየወሩ እከፍላለሁ። እህቴ ከአሜሪካ በላከችልኝ አይፎን ላይም ያው አፕ ፕሮ ሆኖ ይሠራል፤ እሷም ከካርዷ ይቆረጣል ትላለች። የቱን ልሰርዝ? የደንበኞቼ ፎቶ እንዳይጠፋብኝ ፈርቻለሁ።»

ወንድሜ፣ ምንም ሳትሰርዝ በፊት ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጥና አፑ ውስጥ ፕሮፋይልህን ክፈት። በየትኛው ኢሜይል እንደገባህ በሁለቱም ላይ እይ። የቱ እንደሚሰረዝ የሚወስነው እሱ ነው።

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት ያለው ጓደኛዬ ይኸው ነገር ገጥሞት አብረን ነው የፈታነው። የጥምቀት ሥራ ሊጀመር ሲል ስለነበር እሱም እንዳንተ አልበሞቹን ፈርቶ ነበር። ሳምሰንጉ ላይ የገባው በጂሜይሉ ነው። አይፎኑ ላይ ግን መጀመሪያ ሲገባ Sign in with Apple ብሎ Hide My Email ስለመረጠ፣ አፕል መጨረሻው @privaterelay.appleid.com የሆነ የተሸፈነ አድራሻ ሰጥቶታል። አፑን ለሠራው ድርጅት እነዚህ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው፤ ስለዚህ «አስቀድመህ ከፍለሃል» የሚል ማንም የለም። ጎግልና አፕልም አንዱ የሌላውን ክፍያ አያይም።

ሁለት ጊዜ መከፈሉ ቶሎ ያልታወቀውም ካርዶቹ የሁለት ሰው ስለሆኑ ነው። የእሱ ስቴትመንት ላይ GOOGLE * ብሎ የሚጀምር፣ የእህቱ ላይ APPLE.COM/BILL የሚል መስመር አለ፤ ሁለቱም ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። እኩል ብር እንዳትፈልግ፤ ዋጋው እንደ ስቶሩና እንደ አገሩ ይለያያል። ይልቅ የኢሜይል ደረሰኞቹን አወዳድሩ። የፕሌይ ስቶሩ የትዕዛዝ ቁጥር GPA ብሎ ይጀምራል፤ የአፕሉ ደረሰኝ ደግሞ የአፑን ስምና ቀጣዩን የክፍያ ቀን ይጽፋል። የአፕሉ የሚደርሰው አይፎኑ ላይ የተከፈተው አፕል አካውንት የእህትህ ከሆነ ለእሷ ነውና እንድትልክልህ ጠይቃት።

ቀጥሎ፣ ፎቶዎቹ ያሉት የትኛው አካውንት ውስጥ ነው? የጓደኛዬ ዋናዎቹ አልበሞች በጂሜይሉ አካውንት ውስጥ ነበሩ፤ በተሸፈነው አድራሻ ያሉት ጥቂት የሠርግ ፎቶዎች ነበሩ። እነሱን ወደ ኮምፒውተር አወረድናቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ በብራውዘር በጂሜይሉ ገባን። ይህን ፈተና አትዝለለው፤ ኮምፒውተሩ የሁለቱም ስቶር ስላልሆነ፣ እዚያ ፕሮ ካለ ክፍያው የተያያዘው ከስልኩ ሳይሆን ከአካውንትህ ጋር ነው ማለት ነው። እዚያ ፕሮ ካልታየ ግን አትሰርዝ፤ አንዳንድ አፕ ክፍያውን ከስቶሩ አካውንት ጋር ብቻ ስለሚያስረው፣ የፕሌይ ስቶሩ ክፍያ አይፎኑ ላይ ላይሠራ ይችላል። የእሱ ፕሮ ስለታየ የሚሰረዘው የአፕሉ ሆነ።

ሁለቱም ስልኮች ላይ ኢሜይሉ አንድ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ካርዱ በእጅህ ያለውን አስቀርተህ ሌላውን ሰርዝ። እህትህን በየወሩ ከማስቸገር ይሻላል።

ስረዛው የሚሆነው በተከፈለበት ስቶር ብቻ ነው። አይፎኑ ላይ Settings ገብተህ ከላይ ያለውን ስም ትነካለህ፣ ከዚያ Subscriptions፣ አፑን መርጠህ Cancel Subscription። ሳምሰንጉ ላይ ቢሆን ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ምስሉን ነክተህ Payments & subscriptions፣ ቀጥሎ Subscriptions ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። አፑ ውስጥ አካውንትህን መዝጋትም እንደዚያው፣ እንዲያውም ፎቶውን ይዞብህ ይሄዳል።

የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ፕሮው አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላልና የወሩን መጨረሻ አትጠብቅ። አፕል ቢያንስ ከሚታደስበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንዲሰረዝ ይፈልጋል። ከሰረዝክ በኋላ መቼ እንደሚያበቃ የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት አንሳ። ከዚያ አይፎኑ ላይ ከአፑ ውጣና በጂሜይልህ ግባ።

የተቆረጠውን ለማስመለስ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ ሪፈንድ ለብቻው ይጠየቃል። ለአፕል reportaproblem.apple.com ላይ ነው፤ መግባት ያለበት ግን ግዢው የተፈጸመበት አፕል አካውንት ስለሆነ እህትህ ራሷ ትሞላው፤ ገንዘቡም ከተመለሰ የሚመለሰው ለእሷ ነው። ለጎግል ከተከፈለ በ48 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ለራሱ ለጎግል ማመልከት ይቻላል፣ ካለፈ በአብዛኛው ወደ አፑ ሠሪ ይመራሃል። ለጓደኛዬ የተመለሰው የመጨረሻው ወር ብቻ ነው። ስለዚህ እህትህ ማመልከቻውን ዛሬ ብታስገባው ጥሩ ነው፣ ሁለቱንም ደረሰኞች ይዛ።