በ«ኤ»፣ በ«ዘ» እና በ«ዊዝ» የሚቆረጥ ነጥብ

«የእንግሊዝኛ ድርሰት ፈተና ላይ ሐሳቤ ደህና ነው፤ ነጥብ የሚቆረጥብኝ ግን በ«ኤ»፣ በ«ዘ» እና በ«ዊዝ» ነው። እንዴት ላርመው?»

አማርኛው ነው የሚያሳስትህ። «እህቴ ነርስ ናት፤ ከመምህር ጋር ተጋባች» ብለህ ታስብና «ማይ ሲስተር ኢዝ ነርስ። ሺ ማሪድ ዊዝ ቲቸር» ብለህ ትጽፋለህ። ሦስት ስሕተት አለበት።

«ነርስ» እና «ቲቸር» የሚቆጠሩ ነጠላ ስሞች ስለሆኑ ባዶ አይቆሙም፤ «ኤ ነርስ»፣ «ኤ ቲቸር» በል። አማርኛው «መምህሩን አገባች» ቢል ኖሮ፣ ያ «ኡ» አንባቢው የሚያውቀውን ሰው ስለሚያመለክት «ዘ ቲቸር» ይሆን ነበር። ይህ የ«ኡ» መፈተኛ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ «ፀሐይ ወጣች» ስንል «ፀሐይ» ላይ «ኡ»ን የመሰለ ቅጥያ የለም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሰን» ነው።

«ዊዝ» የመጣችው ከ«ጋር» ነው። «ማሪድ» ሰውየውን በቀጥታ ስለሚወስድ «ሺ ማሪድ ኤ ቲቸር» ይበቃል። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስትልም «አባውት» ትገባለች፤ ትክክሉ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም» ነው። (እኔም ይቺን ለመተው ዓመታት ፈጅቶብኛል።)

ስለዚህ ግሡን ብቻውን ሳይሆን ከተከታዩ ቃል ጋር በቃልህ ያዝ። ፈተናው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚቆጠሩ ነጠላ ስሞችን ብቻ እያሰመርክ፣ ፊታቸው «ኤ»፣ «ዘ» ወይም እንደ «ማይ» ያለ ቃል መኖሩን እይ።